ፖስታ፣ መቶኛ ወይስ ዜሮ? የወር ገቢን ለማቀድ ሦስት መንገዶች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይተው ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ ባልና ሚስት ለምሳሌ ይወሰዱ። ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ በወር እጃቸው የሚገባው በድምሩ 30,000 ብር ነው። ወሩ ሃያዎቹ ውስጥ ሲገባ ገንዘቡ ያልቃል። ከሥራ ባልደረባ ይበደራሉ፤ ብድሩ በቀጣዩ ደመወዝ ይከፈላል፤ የተከፈለው ደግሞ በተራው ያንን ወር ያጎድላል። ጠጪም ቁማርተኛም በቤቱ የለም። ገንዘቡ የት እንደገባ ግን ሁለቱም በትክክል መናገር አይችሉም።

ገንዘባቸውን ማቀድ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰሟቸው ምክሮች ሦስት ናቸው። አንዱ ጥሬ ገንዘብን በየፖስታው ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ገቢን በመቶኛ መከፋፈል ነው። ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዱን ብር ከመውጣቱ በፊት ሥራ እየሰጡ፣ ያልተመደበው ዜሮ እስኪሆን ድረስ መጻፍ ነው። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ ይባላል። በተግባር ሲሞከሩ ግን ሦስቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። መቶኛ ችግሩ የት እንዳለ ያሳያል፤ ዜሮ ወሩን ያቅዳል፤ ፖስታ ደግሞ እቅዱ የሚጣስበት ቦታ ላይ እጅ ይይዛል። ባልና ሚስቱ በሦስቱም ሲያልፉ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል።

መጀመሪያ መዝገብ

ከሦስቱም በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። ለአንድ ወር ምንም ሳይለውጡ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ዕለት መጻፍ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለው የስልክ መልእክት ስለሚመጣለት ማታ ማታ ከስልኩ ላይ መገልበጥ ይበቃል። የሚረሳው በጥሬ ገንዘብ የወጣው ነው፤ የታክሲ፣ የማኪያቶ፣ ልጆች ከሱቅ የሚገዙት ብስኩት። እነዚህ ወዲያው ካልተጻፉ በማግስቱ አይታወሱም።

ባልና ሚስቱ ወሩን መዝግበው ሲደምሩ ይህን አገኙ እንበል። የቤት ኪራይ 10,000፣ አስቤዛ 9,000፣ የልጆች ትምህርት ቤት 3,000፣ ትራንስፖርት 2,400፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 1,100፣ ዕድር 200 ብር። ለሚስቲቱ ወላጆች በየወሩ የሚላክ 1,500 አለ። የቀረው ከቤት ውጭ ምሳ፣ ቡና፣ ሲመሽ የሚያዝ ራይድና የልጆች መክሰስ ሲሆን 3,900 ደረሰ። ከመመዝገባቸው በፊት ይህ የመጨረሻው ወጪ ከ1,500 አይበልጥም ብለው ያስቡ ነበር። ጠቅላላው 31,100 ነው። በየወሩ 1,100 ብር ከገቢያቸው በላይ ያወጣሉ ማለት ነው፤ የባልደረባው ብድር የሚመጣው ከዚህ ነው።

መቶኛ፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚጠቀሰው የመቶኛ ሕግ 50፣ 30 እና 20 የሚባለው ነው። በስፋት እንዲታወቅ ያደረጉት ኤልዛቤት ዋረንና ልጃቸው አሚሊያ ዋረን ትያጊ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት የቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ መጽሐፍ ነው። ዋረን ያኔ በሃርቫርድ የሕግ ፕሮፌሰር ሆነው ስለ ኪሳራ ሕግ ያጠኑ ነበር፤ ወደ አሜሪካ ሴኔት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ከግብር በኋላ ከሚቀረው ገቢ ግማሹ ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶው ለፍላጎት፣ 20 በመቶው ለቁጠባና ዕዳን ለማቃለል ይሁን።

ጀማሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው መቶኛውን ከጠቅላላው ደመወዝ ላይ ሲያሰላ ነው። ከደመወዙ ላይ ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ጡረታ እና የሥራ ግብር ገና እጁ ሳይገባ ይቆረጣሉ። መቶኛው መሰላት ያለበት ባንክ ከገባው ገንዘብ ላይ ነው።

ለባልና ሚስቱ ሕጉ 15,000 ለግድ ወጪ፣ 9,000 ለፍላጎት፣ 6,000 ለቁጠባ ይሰጣቸዋል። ያላቸው እውነታ ግን ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ መብራትና ስልክ እንዲሁም ዕድር ብቻ 25,700 ብር ናቸው። ለወላጆች የሚላከውስ የት ይግባ? ለመለየት የሚረዳ ጥያቄ አለ፦ ከሁለት አንዳቸው ለጥቂት ወራት ሥራ ቢያጡ ይህ ወጪ ይቀራል ወይ? ቡናውና ራይዱ ይቀራሉ። የእናትና የአባት መጦሪያ ግን እነሱ ጦማቸውን ቢያድሩም የሚላክ ነው፤ ስለዚህ ከግድ ወጪ ይቆጠራል። ድምሩ 27,200 ይሆናል፤ ከገቢያቸው 91 በመቶ ገደማ። ፍላጎት 13 በመቶ ይወስዳል። ቁጠባ ከዜሮ በታች በ4 በመቶ ይወርዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ይጥላል። ሆኖም መቶኛው ትልቁን ነገር የተናገረው አሁን ነው። ቡናውም ራይዱም መክሰሱም ሙሉ በሙሉ ቢቀሩ እንኳን የሚተርፈው 2,800 ብር ብቻ ነው። በሌላ በኩል ኪራይና አስቤዛ ሁለቱ ብቻቸውን 19,000 ብር፣ ማለትም የገቢውን 63 በመቶ ይወስዳሉ። ስለ ቡና የሚደረግ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ለውጥ ቢያመጣም ዋናውን ጉድለት አይሞላም። ዋናው ውሳኔ ያለው የት እንኑር፣ እህሉ ከየት ይገዛ፣ ገቢ በምን ይጨመር የሚለው ላይ ነው።

50፣ 30፣ 20 ራሱ የአሜሪካን መካከለኛ ቤተሰብ አስቦ የተጻፈ ስለሆነ ሌላ ኑሮ ላይ እንዳለ መጫን አይቻልም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት መኝታና ምግቧ በአሠሪዋ ከሆነ የግድ ወጪዋ ከግማሽ እጅግ ያነሰ ነው። 30 በመቶውን ለፍላጎት አውጪ የሚለው ምክር ለእርሷ ጉዳት ነው፤ የውል ጊዜዋ ሲያልቅ ይዛው የምትመለሰውን ይቀንስባታል። ለአዲስ አበባዎቹ ባልና ሚስት ደግሞ 20 በመቶ ቁጠባ ዛሬ የማይደረስበት ነው። ስለዚህ መቶኛው እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ቴርሞሜትር ቢያዝ ይሻላል። የራስን 91፣ 13 እና ከዜሮ በታች 4 መጻፍ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና መለካት ነው። የጤፍ ወይም የዘይት ዋጋ ሲጨምር የግድ ወጪው ድርሻ ስለሚያድግ ለውጡ በዚህ ልኬት ቶሎ ይታያል።

ዜሮ፦ እያንዳንዱ ብር ምን ይሥራ?

ከዜሮ የሚነሳ በጀት የተወለደው በቤት ውስጥ ሳይሆን በድርጅት ነው። ፒተር ፒር የተባለ ባለሙያ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ውስጥ አሠራሩን አዳብሮ እ.ኤ.አ. በ1970 በጽሑፍ አስተዋወቀው። ጂሚ ካርተር የጆርጂያ ገዥ ሳሉ ለግዛታቸው ወሰዱት፤ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ደግሞ ለፌዴራል መንግሥቱ። ሐሳቡ፣ አንድ ወጪ አምና ስለነበረ ብቻ ዘንድሮ እንዳይቀጥል፣ እያንዳንዱ እንደ አዲስ ምክንያቱ እየተጠየቀ እንዲመደብ ነው። ወረቀቱና ሥራው በመብዛቱ የሬገን አስተዳደር በ1981 ተወው። ቤት ውስጥም የዚህ ዘዴ ጥንካሬና ድካም እነዚሁ ናቸው፤ ብዙ ያሳያል፣ ጊዜም ይጠይቃል።

በቤተሰብ ደረጃ ዘዴው ቀላል መቀነስ ነው። ገቢው ከላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ እያንዳንዱ ወጪ ይመደባል፤ መጨረሻ ላይ ያልተመደበ ብር መቅረት የለበትም። ይህ ማለት ባንኩ ባዶ ይሁን ማለት አይደለም። ቁጠባም አንድ መስመር ነው፤ ለቁጠባ የተመደበ ብር ሥራ አግኝቷል።

ባልና ሚስቱ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ቁጭ ብለው የሚጽፉት ይህን ይመስላል፦

ኪራይ 10,000
አስቤዛ 8,500
ትምህርት ቤት 3,000
ትራንስፖርት 2,400
መብራት፣ ውኃ፣ ስልክ 1,100
ዕድር 200
ለወላጆች 1,500
ከቤት ውጭ ምሳ፣ ቡና፣ ራይድ፣ መክሰስ 1,500
የባልደረባ ብድር 1,100
ለዓመቱ ትልልቅ ወጪዎች 700
ድምር 30,000

አስቤዛው በ500 የቀነሰው ከሰፈር ሱቅ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይገዛ የነበረው ዘይትና ስኳር በወር መጀመሪያ በአንድ ጊዜ እንዲገዛ ስለተወሰነ ነው። ከቤት ውጭ ያለው ከ3,900 ወደ 1,500 ወርዷል፤ ይህ ትልቅ ቅነሳ ስለሆነ መፍረስ ከጀመረ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው።

የመጨረሻዋ 700 ብር የበጀቱ ቁልፍ ናት። ጀማሪ የሚጽፈው በጀት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በወር ወጪ ሳይሆን በየወሩ በማይመጣ ወጪ ነው። መስከረም ሲጠባ ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ይከተላሉ። ባልና ሚስቱ የልጆቹን የመስከረም ወጪ 9,600፣ የበዓላቱን 12,000 ብለው ቢገምቱ ዓመቱ 21,600 ይጠይቃል፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1,800 ነው። በመጀመሪያው ወር ብድር ስለሚከፍሉ 700 ብቻ ያስቀምጣሉ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ የብድሩ 1,100 ወደዚሁ መስመር ሲዞር በትክክል 1,800 ይሞላል።

እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ12 ማካፈል የሚሠራው ወጪው ገና ዓመት ሲቀረው ነው። እቅዱ የተጀመረው ፋሲካ አራት ወር ሲቀረው ከሆነና ለበዓሉ 5,000 ከታሰበ፣ ለፋሲካ ብቻ በወር 1,250 ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወጪ መካፈል ያለበት እስኪደርስ በቀሩት ወራት ቁጥር ነው። ለሚጾም ቤተሰብ አንድ እፎይታ አለ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከአስቤዛው ይወጣሉ። ከዜሮ የሚጽፍ ቤተሰብ የጾሙን ወር አስቤዛ ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን ለፋሲካው ዶሮ ወይም በግ ያዞረዋል። ያለፈውን ወር ቁጥር እንዳለ የሚገለብጥ ግን ይህ ገንዘብ ሳይታወቀው በሌላ ነገር ያልቃል።

ዘዴው በተግባር የሚፈተነው ወሩ መሃል ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ልጅ ታሞ ክሊኒክና መድኃኒት 600 ብር ቢጠይቅ፣ ይህ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ብዙዎች በጀቱ ተበላሸ ብለው የሚተዉት በዚህ ጊዜ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ያኑ ዕለት ከሌላ መስመር ማዛወር ነው፤ ለምሳሌ 400 ከቤት ውጭ ካለው፣ 200 ከዓመቱ ወጪ። ድምሩ አሁንም 30,000 ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩ ስለተቀየረ በጀቱ ከሸፈ አይባልም፤ የከሸፈው ከየት እንደተወሰደ ሳይጻፍ ሲወጣ ነው።

ይህ ዝርዝር ሌላ እውነትም ገልጦ ያሳያል። ለድንገተኛ ችግር የተቀመጠ ምንም ብር በውስጡ የለም። 1,800ውም ቢሆን መምጣቱ የታወቀ ወጪ ነው። ደመወዝ ሲጨመር ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲመጣ የመጀመሪያው ማረፊያ ይህ የጎደለው መስመር መሆን አለበት።

ፖስታ፦ እጅ የሚይዘው

እቅዱ በወረቀት ላይ ቢያምርም ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብ እቅድ አያነብም። ፖስታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለአንድ ወጪ የተመደበው ጥሬ ገንዘብ ስሙ በተጻፈበት ፖስታ ይገባል፤ ሲያልቅ ለዚያ ወር ያ ወጪ አለቀ።

ጥሬ ገንዘብ እጅን የሚይዝበት ምክንያት በጥናት ታይቷል። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት እንዲጫረቱ አደረጉ። በክሬዲት ካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ከተባሉት እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ሰጡ። ብር ቆጥሮ ማስረከብ መክፈልን እንዲሰማን ያደርጋል።

ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ሁሉንም ነገር በፖስታ ማድረግ ነው። ኪራይና ትምህርት ቤት በባንክ ቢከፈሉ ደረሰኝ ይኖራቸዋል፤ መጠናቸውም በየወሩ ስለማይለወጥ እጅ የሚይዝ አያስፈልጋቸውም። ፖስታ የሚጠቅመው በቀን ብዙ ጊዜ በትንሽ በትንሹ የሚወጣ ነገር ላይ ነው። ለባልና ሚስቱ እነዚህ ሁለት ናቸው፦ የየዕለቱ አስቤዛና ከቤት ውጭ የሚወጣው።

አስቤዛው መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል። ከ8,500 ውስጥ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ በርበሬና ስኳር በወር መጀመሪያ በ4,900 ይገዛሉ እንበል። የቀረው 3,600 ለአትክልት፣ ለእንቁላልና ለየዕለቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ለአራት ሳምንት አካፍሎ በየሳምንቱ 900 ያወጣና በወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፤ 30 ቀን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነውና። ትክክለኛው ስሌት በቀን 120 ብር ነው። ለአራቱ ሳምንታት 840፣ 840 ብር በአራት ፖስታ፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት 240 ብር በአምስተኛ ፖስታ ይገባል። ከቤት ውጭ የሚወጣው 1,500 ደግሞ በቀን 50 ስለሆነ በሳምንት 350፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት 100 ይሆናል።

ፖስታው የሚፈርስበት መንገድ አንድ ነው፤ ከሌላው መበደር። የቡናው ፖስታ ሐሙስ ሲያልቅ ከአስቤዛው ሃምሳ ብር ይወሰዳል፣ ሰኞ እመልሳለሁ ይባላል። ከአስቤዛው የወሰደ ሰው መጠኑንና ቀኑን ፖስታው ላይ እንዲጽፍ ቢደረግ ወሩ ሲያልቅ የትኛው መስመር በእውነት እንደሚያንስ ይታያል። አንድ ፖስታ ሁለት ወር በተከታታይ ከሳምንቱ አጋማሽ ካላለፈ የተመደበለት ቁጥር እውነተኛ አይደለም፤ መጨመር ያለበት ቁጥሩ ነው፤ የሚጨመረው ደግሞ ከሌላ መስመር ተቀንሶ ነው።

ቤት ውስጥ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ማኖር ለሌባ ስለሚያጋልጥ ባልና ሚስቱ በቤት የሚያስቀምጡት የአንድ ሳምንት ብቻ ነው። የቀሩት ሳምንታት ገንዘብ በተለየ የባንክ ሂሳብ ቆይቶ በየሰኞው ይወጣል። የዓመቱ ወጪ 1,800ም በዚያው በተለየ ሂሳብ ይቀመጣል እንጂ ከደመወዙ ጋር አይቀላቀልም።

ገቢው ወር ሙሉ ለማይታወቅ

ቸርቻሪ፣ የታክሲ ሹፌር ወይም የቀን ሠራተኛ የወር ገቢው 30,000 ነው ብሎ መጻፍ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መቶኛ ብቻውን ደካማ ነው፤ የሚካፈለው ቁጥር በየቀኑ ይለዋወጣል። ከዜሮ የሚነሳው ግን በአንድ ለውጥ ይሠራለታል። የሚመደበው እጅ የገባው ብር ብቻ ነው። ወጪዎቹ በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ቀድሞ ምግብ፣ ከዚያ ኪራይ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። የዕለቱ ገቢ የላይኛውን እየሞላ ወደ ታች ይወርዳል። ለወሩ መነሻ የሚሆነው ካለፉት ጥቂት ወራት ዝቅተኛው ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣው ለዓመቱ ወጪዎችና ለመጠባበቂያ ይሄዳል።

ብዙ ነጋዴዎች የዕለት ወይም የሳምንት ዕቁብ የሚጥሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ዕቁብ ባለቤቱ ቢፈልግም የማይከፍተው ፖስታ ነው፤ እጁ የገባው ገንዘብ በሌላ ነገር ሳያልቅ ይወጣል። ሆኖም ዕጣው መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ለሕመም ወይም ለድንገተኛ ችግር መጠባበቂያ አይሆንም። በበጀቱ ላይም ዕቁቡ የሚጻፈው እንደ ወጪ ነው፤ ዕጣው ሲወጣ ደግሞ የሚመጣው ገንዘብ ገና ከመምጣቱ በፊት ለምን እንደሚውል የተጻፈ መሆን አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ለጀማሪ የሚመቸው ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው። በመጀመሪያው ወር ይመዘገባል፣ ወሩ ሲያልቅ መቶኛው ይሰላል። በሁለተኛው ወር ከዜሮ ተነስቶ ይታቀዳል፤ ከመስመሮቹ መካከል ከታሰበው እጅግ በላይ የወጣባቸው ሁለቱ ብቻ በፖስታ ይሆናሉ። በሦስተኛው ወር ያው ይደገማል። በየሳምንቱ እሁድ ማታ ባልና ሚስቱ ፖስታዎቹን ከፍተው የቀረውን ይቆጥራሉ፤ የተዛወረ ገንዘብ ካለ ያስተካክላሉ።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ባልና ሚስቱ መቶኛቸውን እንደገና ቢያሰሉ፣ እቅዱ ከያዘ፣ የግድ ወጪው 26,700 ሆኖ ወደ 89 በመቶ ወርዷል፣ ፍላጎት 5 በመቶ ነው፣ ለዓመቱ ትልልቅ ወጪዎች የተቀመጠው 6 በመቶ ደርሷል። የባልደረባው ብድር ጠፍቷል። ከዚህ በታች ግን ቡናን በመቀነስ መውረድ አይቻልም። ኪራዩ አሁንም ከገቢያቸው አንድ ሦስተኛ ነው። ቀጥሎ የሚነጋገሩበት የቤት ውሉ ሳይታደስ በፊት ርካሽ ሰፈር ያለ ቤት ቢፈልጉ የሚጨምረው የትራንስፖርት ወጪ ከኪራዩ ቅናሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል የሚለው ነው። ያንንም በየወሩ 2,400 ብሎ ከተመዘገበው መስመር ተነስተው ማስላት ይችላሉ።